ለአባባ ሙት ዓመት፦ አዳማ የቆየሁባቸው ስድስት ቀናት

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

አያቴ አባባ ያረፉት ዓምና የካቲት 12 ቀን 2017 ነው። እኔ ያን ቀን ለሥራ ጎንደር ነበርኩ። ቀብራቸው በማግስቱ ሆነ፤ አውሮፕላን ላይ ቦታ አጥቼ በመኪና ስመጣ አዳማ የደረስኩት ለሣልስቱ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው አልቅሶ አልቅሶ ዝም ባለበት ሰዓት እኔ ገና መጀመሬ ነበር። አርባቸው ሲወጣም ሰማንያቸው ሲወጣም ሄጃለሁ፣ ግን ሁለቱንም ጊዜ ጠዋት ሄጄ ማታ ተመለስኩ። ስለዚህ ሙት ዓመታቸውን ከዝግጅቱ ጀምሬ እገኛለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩና ዛሬ ጠዋት ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነሳሁ።

በፈጣን መንገዱ ነው የመጣሁት። አባባ ይህን መንገድ ይወዱት ነበር፣ ግን ሁልጊዜ ስመጣ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «በየት በኩል መጣሽ?» በፈጣኑ ስላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና የራሳቸውን መንገድ በጣታቸው ይቆጥሩልኛል፦ ለገሃር፣ አቃቂ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት። ከተማዋን አዳማ ብለው የጠሩበትን ቀን አላስታውስም። የባቡር ሰው ነበሩ። በ1956 በ20 ዓመታቸው ምድር ባቡር ገብተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኖሩት ከዚያ ሃዲድ ጋር ነው።

ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ ቤት ስደርስ እማማ ጓሮ ነበሩ። ሙቀቱ ገና በረፋዱ ጀምሯል። ሦስት ጋን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ እማማ ደግሞ አንዱ ላይ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አፉ ላይ አድርገዋል። ሰላም ልላቸው ስጠጋ በእጃቸው «ቆይ» አሉኝ። ቆምኩ። ትንሽ ቆይተው ቀና አሉና አገላብጠው ሳሙኝ።

«ምን እየሰሙ ነው እማማ?»

«ድፍድፉን ነዋ። ሲፈላ ይንሾካሾካል። ዝም ሲል ውሃ ይሞላል።»

ጌሾውን የጠነሰሱት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ጋኖቹ በግራዋ ታጥበው በወይራ ጭስ ታጥነዋል፤ ብቅሉና ቂጣው ከዚያም እንኩሮው በየተራው ገብቷል። ያልፈላ ድፍድፍ ላይ ውሃ ከተሞላ ጠላው ሳይጠራ ይቀርና የሰው ሆድ ይነፋል አሉኝ። ብዙ ከተጠበቀ ደግሞ ይኮመጥጣል። እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ። ከሩቅ እንደሚመጣ የካፊያ ድምፅ ነው። ከሁለቱ ጋኖች ድምፁ ይሰማል፣ ሦስተኛው ዝም ብሏል። ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ያን ሦስተኛውን ሞላን።

ማታ የንስሐ አባታችን መጡ። ዘንድሮ ጾሙ ትናንት ስለገባ ሙት ዓመቱ የዋለው በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ በዘወረደ ውስጥ ነው። ዓምና ግን አባባ ያረፉት ጾሙ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ነበር። አጎቴ ሁሉም ነገር በዕለቱ ሐሙስ ይሁን ይላል። አባታችን ግን እንዲህ አሉ፦ «ጸሎቱ በዕለቱ ይሁን፣ ማዕዱ ግን ለቅዳሜ ይቆይ።» ምክንያታቸውን ሳስበው ልክ ናቸው። በጾሙ የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከሰዓት ነው፣ የሚያልቀውም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ ሰው አይቀምስም። ከሩቅ የመጡ ሽማግሌዎች እስከዚያ ጾመው፣ ከዚያ ወደ ቤት መጥተው፣ በልተው እስኪሸኙ ይመሻል። ቅዳሜ ግን ቅዳሴው ጠዋት ነው፤ ሰው በጊዜ ቀምሶ በጊዜ ይመለሳል። እማማ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ «እሳቸውም ሰው በረሃብ ሲጠብቅ አይወዱም ነበር» አሉ። ነገሩም በዚያው ተቆረጠ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ቀኑ በሥራ አለፈ። ገበያ ሄደን ሽንኩርት፣ ምስር፣ ጎመንና ዘይት ገዛን። ስልጆው ቀደም ብሎ ተሠርቷል፤ የባቄላ ዱቄቱ ከሱፉና ከሰናፍጩ ጋር ሆኖ እየኮመጠጠ ነው፣ ክዳኑ ሲነሳ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሰማንያቸው የወጣው በፋሲካ ሰሞን ስለነበር በሬ ተጥሎ ነበር። የአሁኑ የጾም ነው፣ እኔም እንዲህ ሲሆን ደስ አለኝ። አባባ ከሥጋ ይልቅ ሽሮ ይወዱ ነበር፤ በዚያ ላይ ቃሪያ።

የተቀሩት ሁለት ጋኖችም ዛሬ ዝም አሉና ውሃ ሞላናቸው። አፋቸው በደንብ ተከደነ።

ማታ ትንሿን የአጎቴን ልጅ አተኮሳት። እማማ መጡና ግንባሯን ዳሰሱ። ሲዳስሷት አየሁ። በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ነበር። የአባባ አዳሰስ ነው። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እዚህ ስመጣና ስታመም፣ ሌሊት ተነስተው የሚነኩኝ እንደዚህ ነበር። ጣታቸውን አጥፈው የእጃቸውን ጀርባ ግንባሬ ላይ ለአንድ አፍታ ያሳርፋሉ፤ ከዚያ አንገቴን፣ ከዚያ ወደ ግንባሬ መልሰው። እጃቸው ሻካራ ነበር። ጀርባው ግን ለስላሳ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ዛሬ ነው ዓመቱ።

ቀኑ የሰማዕታት ቀን ነው፣ ሚካኤልም ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ከሌላው ቀን ይልቅ ሞልቷል። ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ ይዘን ሄድን። አጎቴ የአባባን ክርስትና ስም በትንሽ ወረቀት ጽፎ ለአባታችን ሰጣቸው። ስሙ በጸሎቱ ውስጥ ሲጠራ ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ ነበር። ብዙ ስም ነው የሚጠራው፣ ፈጠን ይላል፣ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። ሲጠራ ግን ሰማሁት። እማማ ከጎኔ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

ከቅዳሴ በኋላ መቃብራቸው ጋ ጸሎት ተደረገ። ከኛ ሌላ አሥር የሚሆኑ ሽማግሌዎች መጥተዋል፤ አብዛኞቹ የድሮ የባቡር ሰዎች ናቸው። ዕጣኑ ሲጤስ ነፋሱ ወደኛ አመጣው። የዚህ ከተማ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ አያርፍም፣ ከጊቢው ሆነህ ቀና ስትል ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ሲሽከረከሩ ይታያሉ። አባባ መጀመሪያ ሲተከሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ሰዓት ያዩዋቸው ነበር። «ከዚህ አይሰማም እንጂ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው» ብለውኛል።

ሽማግሌዎቹን ስንሸኝ አንዱ እጄን ይዘው አላለቅቅ አሉ። ከአባባ ጋር ብዙ ዓመት አብረው የሠሩ ናቸው፤ ልጅ ሆኜም ጋሼ ነበር የምላቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ሰላምታቸው በፈረንሳይኛ ነበር፤ የድሮው ምድር ባቡር የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለነበር እስከ እርጅናቸው ድረስ አልተዋቸውም። ጋሼ «ነገ ጣቢያው ጋ ነይ፣ የማሳይሽ አለ» አሉኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ጣቢያው ከቤታችን በእግር ሩቅ አይደለም። ባቡሩ በዚህ መስመር መሄድ ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ የአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ መስመርና ሌላ ጣቢያ አለው። የድሮው ሃዲድ አንዳንድ ቦታ አፈር ውስጥ ገብቷል፣ አንዳንድ ቦታ ጨርሶ አይታይም። ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው ቀድመውኝ ደርሰዋል። ሌላ ሰው ቢያያቸው የሚያርፉ ሽማግሌ ነው የሚመስሉት፣ ግን ሃዲዱ መሀል ቆመው በእርምጃቸው ስፋቱን እየለኩ ነበር። «አንድ ሜትር» አሉኝ። «ከለገሃር እስከ ጅቡቲ አንድ ሜትር ነው።»

አባባ ሥራቸው ምን እንደነበር እኔ የማውቀው «የባቡር ጎማ ይመታሉ» የሚለውን ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ከሀ እስከ ፐ አስረዱኝ።

ባቡር አዳማ ሲቆም አባባ ረጅም እጀታ ያላት መዶሻ ይዘው ከኋላ ፉርጎ ይጀምራሉ። እያንዳንዱን ጎማ አንድ ጊዜ ይመታሉ፣ በኃይል ሳይሆን እንደ በር ማንኳኳት። ደህና የሆነ የብረት ጎማ ይጮኻል፤ እንደ ደወል፣ ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚሞተው። ስንጥቅ ያለበት ግን ይታፈናል፤ ዱብ ብሎ ይቀራል። አሥራ አምስት ፉርጎ ቢሆንና እያንዳንዱ ስምንት ጎማ ቢኖረው 120 ጎማ ነው። በአንዱ ጎን ስልሳ መትተው ይሄዳሉ፣ በሌላው ጎን ስልሳ መትተው ይመለሳሉ። መሀል ላይ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈልጉም ነበር።

ከመዶሻው ሌላ እጃቸው አለ። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ዘይት ካነሰው ይግላል፣ ካልተደረሰበትም ይቃጠላል፣ ይሰበራልም። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር የየጎማውን የዘይት ሳጥን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን አንስተው ጣታቸውን አጠፉና ጀርባውን አሳዩኝ። «በዚህ ነው። መዳፍ በሥራ ይደድራል፣ ሙቀት አይለይም። ደግሞ ብረቱ እሳት ቢሆን መዳፍሽ ቢቃጠል ሥራ ትፈቻለሽ።»

እዚያው ሃዲዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሼ ምን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። ዝም ብለው ጠበቁኝና ቀጠሉ።

አንድ ሌሊት የሆነ ነው። ቡና የጫነ ባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ሊያልፍ እዚህ ቆመ። አባባ መምታት ጀመሩ። አራተኛው ፉርጎ ላይ ሦስተኛው ጎማ ታፈነ። አስቆሙ። የባቡሩ ኃላፊ ቸኩሏል። «ፍሬኑ ይዞት ነው» አላቸው። ሰውየው ያለ ምክንያት አላለም፤ ፍሬኑ ጎማው ላይ ከተጫነ ደህናውም ጎማ ድምፁ ይሞታል፣ ደወል በእጅህ ይዘህ ብትመታው እንደማለት ነው። አባባ አልተከራከሩም። «እንግዲያው ፍሬኑ ይለቀቅ» አሉ። ተለቀቀ። ጎረቤቱን ጎማ መቱት፣ ጮኸ። ያን ጎማ መቱት፣ አሁንም ዱብ።

ኃላፊው አሁንም ጭቃ ወይ ግራሶ ይሆናል አለ። አባባ ጨርቅ አመጡና ጎማውን ጠረጉት። ከዚያ በላምባ አጠቡት፤ ላምባ ቀጭን ነው፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ላዩን አድርቀው ጠረጉና በጠመኔ ቀቡት። ጎማው ነጭ ሆነ። ከዚያ በመዶሻዋ ደጋግመው ቀስ ቀስ አድርገው መቱት። ጋሼ ፋኖሱን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ከጠመኔው ነጭ ውስጥ አንዲት ጥቁር መስመር ቀስ ብላ ስትወጣ አዩ፤ ስንጥቁ የደበቀውን ላምባ መልሶ ሲተፋው ነው። ርዝመቷ ከአንድ ስንዝር ታንሳለች። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አያትና ኮፍያውን አወለቀ።

ከአዳማ እስከ መተሐራ መንገዱ ቁልቁል ነው። ቁልቁል ላይ ፍሬን ይያዛል፣ ጎማ ይግላል፣ የተሰነጠቀ ደግሞ ሲግል ይከፈታል። ፉርጎው ተቆርጦ ወደ ጎን ሃዲድ ተገፋ። ኬሻው በሰው ትከሻ ወደ ሌላ ፉርጎ ተጫነ፣ ባቡሩ አራት ሰዓት ዘግይቶ ሊነጋጋ ሲል ወጣ። አባባ ኬሻ ሲሸከሙ አድረው ጠዋት ቤት ገቡ።

«ለእናንተ አልነገሯችሁም?» አሉኝ ጋሼ። አልነገሩንም። ሰማንያ አንድ ዓመት ኖረው ይህን አንድም ቀን አላወሩም። ጋሼ ግን የሚያስታውሱት ባቡሩ መዳኑን አይደለም። የሚያስታውሱት አባባ ያን ኃላፊ አለማሳፈራቸውን ነው። ሰውየው ፍሬን ነው ሲል ፍሬኑን አስለቀቁ፣ ጭቃ ነው ሲል ጠረጉ፣ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ሞከሩለት፤ መጨረሻ ላይ የቀረው እውነቱ ብቻ ነበር። በማግስቱም ሪፖርቱ ላይ «አብረን አገኘነው» ብለው አጻፉ።

ስንመለስ ጋሼ ሃዲዱን በከዘራቸው ጫፍ መታ አደረጉት። አፈር ስለያዘው ብዙም አልጮኸም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ጓሮው በጭስ ተሞላ። ከቅዳሴ መልስ መጀመሪያ ካህናቱና የኔ ቢጤዎቹ ተቀመጡ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ጎረቤትና እድርተኛ። የእድሩ ድንኳን፣ የእድሩ አግዳሚ፣ የእድሩ ሳህን። አባታችን ድፎውን ባርከው ቆረሱ። ጠላው ጠርቶ ነበር፤ እማማ የመጀመሪያውን ጣሳ ራሳቸው ቀምሰው ዝም ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ሴቶቹም እልል አላሉም፣ ግን ፊታቸው ፈታ አለ።

እኔ የማስተናገድ ሥራ ይዤ ስለነበር ብዙ አልተቀመጥኩም። አንዱ ጥግ ግን የባቡር ሰዎቹ አብረው ተቀምጠው የዚያን ሌሊቱን ነገር ጋሼ ደግመው ሲያወሩ ሰማሁ። አጎቴ ማንቆርቆሪያ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እሱም ዛሬ ነው የሰማው። ሲጨርሱ ጠላውን ሊቀዳላቸው ጎንበስ አለ፣ እጁ ግን ተንቀጠቀጠና ትንሽ ፈሰሰ። ጋሼ ጣሳውን ከሥር ደገፍ አደረጉለት።

እማማን ማታ ጠየቅኳቸው። ያውቁ ነበር።

«ያን ቀን ጠዋት ሲመጡ ትከሻቸው በኬሻው ተልጦ ነበር። በቅቤ ያሸኋቸው እኔ ነኝ። ምን ሆነው ነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ ጎማ ታመመ አሉኝ። ከዚያ ተኙ።»

እሑድ፣ የካቲት 15

የመኪና ሰዓት እስኪደርስ ጓሮውን አጸዳን። ድንኳኑ ፈርሶ ሄዷል። ጋኖቹን አተላቸውን ደፍተን፣ በግራዋ አጥበን፣ ፀሐይ ላይ ደፋናቸው። እማማ ወደ ጓዳ ከመግባታቸው በፊት መታየት አለባቸው አሉ። ትልቅ ድግስ ላይ ጋን ይጋጫል፣ ስንጥቁን ሳያዩ ካስቀመጡት ደግሞ በሚቀጥለው ጥንስስ ያፈስሳል።

እማማ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን በጣታቸው አጥንት አንኳኩት። ጮኸ። ሁለተኛውን አንኳኩት፣ እሱም ጮኸ። ሦስተኛው ታፈነ።

«ተሰነጠቀ?» አልኳቸው።

«ምኑን አውቃለሁ። ገና እርጥብ ነው። እርጥብ ሸክላ ደህናም ቢሆን አይጮህም። ይድረቅና ደግመን እንመታዋለን።»

ሳይደርቅ የመሄጃዬ ሰዓት ደረሰ። ከጋሼ ቤት አልፌ ተሰናበትኩ፣ በባጃጅ ፍራንኮ ድረስ፣ ከዚያ መናኸሪያ። በፈጣን መንገዱ ተመለስኩ። ለገሃር አካባቢ ስደርስ ሳላስበው ወደ ኋላ ቆጠርኩ፦ ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ አቃቂ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ይህን እየጻፍኩ እያለሁ እማማ ደወሉ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ የልጅቷ ትኩሳት መውረዱን ነገሩኝ፣ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉም «ጋኑ ደረቀ» አሉኝ።

«እና?»

«ጮኸ።»